ወደ ጎርፉ የሚሮጠው ሰውዬ

ኢሞጂ የሚባለውን ነገር እንቃለሁ። ጥርሱን የሚያሳይ ቢጫ ኳስ የሰው ስሜት ምትክ ነው ሲሉኝ እስከ ዛሬ አልዋጥልሽ ብሎኛል። እህቴ ከደሴ «እማዬን ትንሽ አሟታል» ብላ ሦስት የሚያለቅስ ኳስ ብትልክልኝ፣ ደውዬ «ድምፅሽን እንጂ ኳስሽን መች ለመንኩሽ» ብያታለሁ። ተኮራርፈን ከረምን።

እንግዲህ ትምህርት ቤታችን የኢሞጂ ሥራ ሊሰጥ የመረጠው እኔን ነው። የአካዳሚክ ኃላፊያችን ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ልጅ ነው። አንድ ሳምንት ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ በአንገቱ ላይ የሥልጠናውን መታወቂያ እንዳንጠለጠለ ቢሮው ጠራኝና «ለሁለተኛ ክፍል በኢሞጂ የሚነገር የእንቆቅልሽ ተረት አዘጋጂ። ልጆቹ ሥዕሉን እያነበቡ ታሪኩን ያገኛሉ፤ ወላጆች ደግሞ የሚያርሙበት የመልስ ወረቀት ይኖራቸዋል» አለኝ። ወላጅና ልጅ እንዲቀራረቡ ነው አለ። ወላጅና ልጅ የሚያድሩት አንድ ጣሪያ ስር መሆኑን ሥልጠናው አልነገረው ይሆናል።

ቆቦ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ዓመት ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ገደል የሌለውን ሜዳውን ስረግም ነው የኖርኩት። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ አገር ማለት ጭጋግ ያለበት ነው። ባጃጅ ከቤቴ ትምህርት ቤት ያደርሰኛል፣ ከትምህርት ቤት ቤቴ ይመልሰኛል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለውን ማሽላ አይቼዋለሁ፤ ወርጄ ግን ረግጬው አላውቅም። ይህን የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ኃላፊው የጠየቀኝ ነገር ከሁሉ ያናደደኝ በእንቆቅልሽ ምክንያት ነበር። እኛ ልጆች ሳለን እንቆቅልሽ ዋጋ ያስከፍል ነበር። «እንቆቅልሽ» ይልሻል፣ «ምን አውቅልህ» ትይዋለሽ፣ ይጠይቅሻል። ካላወቅሽ «አገር ስጪኝ» ይላል፤ ወደሽ ሳይሆን ተገደሽ አንድ አገር ትሰጪዋለሽ። እሱም አገርሽ ገብቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ባለማወቅሽ አላግጦብሽ፣ መጨረሻ ላይ መልሱን ይነግርሻል። ታላቅ ወንድሜ በአንድ ክረምት ጎንደርን፣ ሐረርንና ጅማን ወስዶብኛል። አሁን ግን አገር የሚሰጥ የለም፤ መልሱ በወረቀት ታትሞ ለወላጅ ይላካል። ማንም አያፍርም፣ ማንም አያላግጥም። ይህን ነው ዘመናዊ የሚሉት።

ቢሆንም ሠራሁት። አንድን ሥራ እየናቅሁ መሥራት እችልበታለሁ፤ ሃያ ደቂቃም አልፈጀብኝ። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ሥዕል ለአንድ ነገር ብቻ ይቆማል፤ በአንደኛው መስመር ገበሬ የሆነው ሰውዬ በአምስተኛው መስመር ነጋዴ ሊሆን አይችልም፣ አለዚያ ልጅ ይጠፋበታል። ማን እንደሆነ መጀመሪያ ይመጣል፣ ምን እንደሆነ ይከተላል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ፊደል ይነበባል። ነገሩ ሲደጋገም ሥዕሉ ይደጋገማል፤ ሦስት ፀሐይ ማለት ፀሐዩ ሰነበተ ማለት ነው። የለም ለማለት አጠገቡ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። የፊደል ቃል ከአራት አይበልጥም፤ ኃላፊው ይህን ሲነግረኝ ጣቱን ቆጥሮ ነው።

ችግሩ ያለው ሥዕሎቹ ላይ ነው። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ይግባባበታል የተባለው ስልክ ውስጥ ማሽላ የለም። ያለው የስንዴ ነዶ የመሰለ፣ ምናልባትም የሩዝ የሆነ ነገር ነው፤ እሱን ማሽላ ነው አልኩት። አህያ አስገብቼ ነበር፤ በእኔ ስልክ ሸጋ አህያ ሆኖ ታየ፣ ኃላፊው የቆየ ስልኩ ላይ ሲከፍተው ባዶ ሳጥን ሆነ። አህያው በቅርብ የመጣ ስለሆነ አሮጌ ስልክ አያውቀውም። በአገራችን ከአህያ የሚቀድም ምን ኖሮ ነው አህያ በቅርብ የሚመጣው? በግመል ተካሁት። ግመል በዚህ አገር ብርቅ አይደለም፣ ስልኩም ከጥንት ያውቀዋል።

ተረቱ ይህ ነበር፦

👨🏾‍🌾 👧🏾 🐪 🌾
☀️ ☀️ ☀️ 🌾 🥵
⛰️ ☁️ 🌧️ ⚡
🌊 🌊 🏃🏾‍♂️ 👧🏾 🌾
🦶❌ 🛣️✔️
👄❌ 📢✔️
🦷❌ 🍽️✔️
እኔ ማን ነኝ? ❓
😭 ወይስ 😄

የመልስ ወረቀቱ ላይ ደግሞ መስመር በመስመር ይህን ጻፍኩ። «አንድ ገበሬ ከልጁ ጋር ይኖር ነበር፤ ግመልና የማሽላ ማሳ ነበረው። ፀሐዩ ሰነበተና ማሽላው ተቃጠለ። ተራራው ላይ ደመና ሆነ፣ ዘነበ። ጎርፍ መጣ፤ አባት ልጁን ይዞ ሸሸ፣ ማሽላው ጠፋ። እግር የለኝም መንገድ እሄዳለሁ፣ አፍ የለኝም እጮኻለሁ፣ ጥርስ የለኝም እበላለሁ። መልስ፦ ጎርፍ። መጨረሻ ላይ የሚከበበው ፊት፦ የሚያለቅሰው።» ከሥር «ልጅዎ ሞክሮ ሳይጨርስ ይህን ወረቀት አያሳዩ። ትክክል ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ አድርገው ይፈርሙ» የሚል ጨመርኩ። በሆዴ ስለ ተረቴ ትንሽ ኮራሁ፤ የናቅሁትን ነገር ከኃላፊው አሳምሬ ሠርቼዋለሁ ብዬ።

ተረቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ታተመ። በጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቢጫው ኳስ አመድ መሰለ፣ ገበሬውም ከሰል። ለልጆቹ ደብተራቸው ላይ አስለጠፍን። የመልሱን ወረቀት አጥፈን፣ በስቴፕለር መትተን፣ «ለወላጅ ብቻ» ብለን ላክን። ቴሌግራም ላላቸው ወላጆችም በግሩፕ ተላከ። አንዱ ነጋዴ አባት ልጁ ከትምህርት ቤት ሳይደርስ «ጎርፍ ነው!» ብሎ ለሁሉም ጻፈና ሰባት ወላጅ አውራ ጣት ላከለት። ሌላዋ እናት ልጇ ሳይነካው ራሷ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሞልታ ላከች። ይህ ነው መቀራረቡ።

በማግስቱ ደብተር ስሰበስብ አንዲት ልጅ የሰጠችኝ ገጽ ለየት ያለ ነበር። አባቷ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ልጅቱን በባጃጅ እያመላለሰ እኛ ጋ ያስተምራታል። ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች፣ ሲበዛ ጎበዝ ናት። «ጎርፍ» ብላ በትክክል ጽፋለች። ግን የከበበችው የሚስቀውን ፊት ነው። ከጎኑ በእርሳስ «አባት ደስ ብሎት ወደ ጎርፉ ሮጠ» ይላል። እሱ ላይ ደግሞ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል፤ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ ተጭኖ። የወላጅ ፊርማ ቦታ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ኤክሱን ማን አደረገው?» አልኳት።

«እኔ።»

«አባትሽ ነው እንጂ የሚያርመው።»

«አባዬ ፊደል አያውቅም። ወረቀቱን እኔ ነኝ ያነበብኩለት።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ይኸን ያለው እሱ ነው። ሥዕሉን አብረን አነበብነው። ከዚያ ወረቀቱን ስናይ ተሳስቷል።»

እዚህ ላይ ነው የተናገርኩት። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነበር፣ ሙቀቱ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፣ ይህ ሁሉ ግን ምክንያት አይሆንም። «ምነው፣ አባትሽ ሥዕልም አያነብም እንዴ?» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ልጅቱም አብራ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ቀልዱ ያስደሰታት መስሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለች ጅል ነበርኩ።

ከሳምንት በኋላ አባትየው መጣ። ረፍት ሰዓት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ የገባ ሰው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። እኔ ግን ከወንበሬ ሳልነሳ «ምን ፈለግክ?» አልኩት፤ አንተ ብዬ። እሱ አንቱ አለኝ።

«እንደምን ዋላችሁ መምህርት። የዛችን ልጅ አባት ነኝ። የሥዕሉን ተረት አንቱ ናችሁ የጻፋችሁት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁ። ኸልጄ ጋር አጣልታችሁኛል።»

ተቆጥቶ አልነበረም የሚናገረው። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር፤ ለሚቆጣ ወላጅ መልስ አለኝ። ልጅቱ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ አጠገቡ ትቀመጥ እንደነበር ነገረኝ። እሷ ፊደሉን ታነባለች፣ እሱ ደግሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድሮው ያወራታል። ይቺ የሥዕል ወረቀት የመጣች ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም አነበበ። «ወላሂ ደስ አለኝ» አለ። «በዚህ ዕድሜዬ አነበብኩ። ሰውዬ አለ፣ ልጅት አለች፣ ግመል አለ። ይኸማ ለእኔ ነው የተጻፈ አልኩ።» ከዚያ የመልሱ ወረቀት ተከፈተና ልጅቱ አነበበችለት፤ የሱን መልስ በገዛ እጇ ሰረዘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሯን ይዛ ጓዳ ትገባለች። የዝናቡን ነገር ሲያነሳ «አንተ አታውቅም» ትለዋለች።

«አንዲት ልጅ ነች ያለችኝ» አለ። «አባቷን አያውቅም ብላ ኸናቀች ነገ የምነግራትን ነገር ማን ብላ ትሰማኛለች?»

አሁንም አልተነሳሁም። እንዲያውም ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፤ ይህ ሰውዬ የልጁን ነጥብ ሊያስጨምር የመጣ ብልጥ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። «ጎርፍ ሲመጣ ሰው ይሸሻል» አልኩት። «ይህ የታወቀ ነው። በቴሌቪዥንም ያሳያል።»

«እሺ። ወረቀቷን አምጧት።»

አመጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋትና ወፍራም ጣቱን አራተኛው መስመር ላይ አደረገ። 🌊 🌊 🏃🏾‍♂️ 👧🏾 🌾

«ውሃው በየት በኩል ነው?»

«በግራ።»

«ማሽላዋስ?»

«በቀኝ።»

«እንዲህ። አሁን ይኸን ሰውዬ እዩት መምህርት። ፊቱ ወዴት ነው?»

አየሁ። ሰውዬው ወደ ግራ ነበር የሚሮጠው። እጁን አጥፎ፣ አንገቱን አስቀድሞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጎርፉ። ልጅቱን ከኋላው፣ ማሽላውንም ከልጅቱ ኋላ ጥሎ። ለሃያ ደቂቃ የሠራሁት፣ የኮራሁበት፣ ለዚያ ሁሉ ወላጅ የላክሁት ተረት ውስጥ አንድም ሰው አይሸሽም ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ሥዕሎቹን ፈለግሁ። የሚሮጠው ሰውዬ ወደ ግራ ነው። የምትሮጠውም ሴት ወደ ግራ። የሚራመደው፣ ብስክሌት የሚነዳው፣ መኪናው ሳይቀር ሁሉም ወደ ግራ ተሰልፈዋል። ስልኩ እንዲህ ነው የሠራቸው፤ እኛ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምናነበው። «ጎርፍ፣ ሰውዬ ሮጠ» ብዬ ቃሉን ብቻ ደርድሬ ፊቱን ሳላይ አለፍኩ። ፊደል የለመደ ዓይን ሥዕል ያያል እንጂ አይመለከትም፤ ፊደል የማያውቀው ሰው ግን ያለውን ነገር አየ። ፊቴ ጋለ። የቆቦ ሙቀት አልነበረም።

«ተቀመጡ» አልኩት፤ በመጨረሻ። አንቱ ማለት እንኳ አፌ ላይ ከበደኝ።

ተቀምጦ አስረዳኝ። በበልግ ጊዜ እዚህ ሜዳው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ምዕራብ ተራራው ላይ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሰው አካፋውን ይዞ ይወጣል። የውሃ አባት የሚባል፣ ተራ የሚያከፋፍል ሽማግሌ አላቸው፤ እሱ ሲጣራ ምሳ ላይ ያለ ምሳውን ጥሎ ይሮጣል። የደረቀው ወንዝ አፍ ላይ በቅርንጫፍ፣ በድንጋይና በአፈር አጥር ይሠራሉ፤ ጎርፉ ሲደርስ ከፊሉን ጠልፈው በቦይ ወደ ማሳ ይመሩታል። ውሃውም ደለሉም ይገባል። ማሳው አንዴ በደንብ ከጠጣ ማሽላ ይዘራበታል፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይመጣ እንኳ ተስፋ አለ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ግን ጎርፉ አልፎት ወደ አፋር ሲሄድ ቆሞ ያየዋል።

«ኸላይ ዘነበ ማለት ኸታች ጠገብን ማለት ነው» አለ። «ኸጎርፍ የሸሸ ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ?»

«አላውቅም።»

«ሰነፍ ነው የሚባል።»

«አይገድልም እንዴ?» አልኩት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ራሴን ለማዳን።

«ይገድላል እንጂ። ወንድሜን ወስዶታል። ለዚህ ነው ልጄን ኸኋላዬ የማቆማት፤ እንደዚያች ልጅ።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ ያለችው ልጅት ላይ አሳረፈ። «ሸጋ ተረት ነው የጻፋችሁት መምህርት። መልሱ ነው እንጂ የተበላሸ።»

አሥራ ሁለት ዓመት። ማሽላቸውን ገዝቼ እበላለሁ፣ ልጆቻቸውን ፊደል አስቆጥራለሁ፣ የሚበሉት ከየት እንደሚመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ፤ የተሳሳትኩት እኔ፣ የተሰረዘው እሱ።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ነገሩን ነገርኩት፤ የመልሱ ወረቀት ይታረም አልኩ። ስልኩን አገላብጦ ሰውዬውን አየና «እውነትም ወደ ግራ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ግን አንዴ ለወላጅ የወጣ መልስ አይቀየርም። ትምህርት ቤቱን ያስንቀዋል» አለኝ። ለእሱ የሚያስንቀው ስህተቱ ሳይሆን እርማቱ ነው። እኔም እስከዚያች ዕለት ድረስ ከእሱ የምሻል ይመስለኝ ነበር። ሳልሰናበተው ወጣሁ፤ ያላስፈቀድኩትን ነገር ለማድረግ ቆረጥኩ።

አባትየውን በማግስቱ ጠዋት ክፍል እንዲመጡ ለመንኳቸው። መጡ። ኋላ ባለችው የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተጣጥፈው ተቀመጡ። ልጅቱ አንዴ ዞራ አየቻቸውና ቶሎ ፊቷን መለሰች። አፍራባቸዋለች። ያን ማፈር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ዛሬ እንቆቅልሽ የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ አቆምኳት። ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ ወረቀት ሳይመጣ በፊት ሁሉም ልጅ ያውቀው ነበር።

«እንቆቅልሽ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ምን አውቅልሽ።»

«እግር የለውም፣ ከተራራ ይመጣል። አባቴ አካፋ ይዞ ሊቀበለው ይሮጣል። ለምንድን ነው የሚሮጠው?» አለች።

«አላወቅኩም» አልኩ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አስተማሪ አላወቅኩም ሲል ሰምተው አያውቁም። «ተረቱን ስጽፍም አላወቅኩም ነበር። የመልሱን ወረቀት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ትክክል ነበሩ።»

ዞራ አባቷን አየች፤ አሁን ቶሎ አልመለሰችም።

«በዪ እንጂ» አልኳት፣ «ተሸንፌያለሁ።»

«አገር ስጪኝ።»

ልጆቹ ጮኹ። አንዱ «ቆቦን እንዳትሰጫት፣ የኛ ነው!» አለ። እኔ ያለኝ አንድ አገር ነው። ሐረርን ወይ ጅማን ብሰጣት አይቆጭም፤ ስላልቆጨ አይቆጠርም።

«ደሴን ሰጠሁሽ» አልኩ።

አልራራችልኝም። «ደሴ ገባሁ» አለች፣ ድምጿ እየጠነከረ። «በላሁ፣ ጠጣሁ፣ በጭጋጉ ዞርኩ፣ ዞርኩ። አካፋ የያዘ ሰው ግን አንድም አጣሁ። ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ሲሸሽ አየሁ!» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አባትየው አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስለዚህ መልሱን ልንገርሽ። የሚሮጠው ማሽላችን እንዲጠጣ ነው።»

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ወላጅ የመልስ ወረቀት ይገባዋል፤ እኚህ ወላጅ የደረሳቸው ግን የማያነቡት ወረቀት ነው። የተረቱን ሥዕል ለማንበብ የሚችሉትን ሰው በፊደል ነው ያረምኳቸው። ስለዚህ አዲስ የመልስ ወረቀት ሠርቼ አሳትሜ ነበር፤ አንድም ፊደል የለበትም። የናቅሁት ኳስ ሁሉ ገብቶበታል።

⛰️ ☁️ 🌧️
🌊 🌊 🏃🏾‍♂️ 👧🏾
🌊 ➡️ 🌾 🌾 🌾
👨🏾‍🌾 👧🏾 😄 ✔️

አካፋ ብቻ ስልኬ ውስጥ አጣሁ። ስለዚህ ከሚሮጠው ሰውዬ ጎን ቦታ ትቼ፣ አካፋውን በቀይ እስክሪብቶ በእጄ ሣልኩት።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ተነሥተው ቆሙ፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያቸው። ጣታቸውን ከሥዕሉ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው አነበቡ። «ተራራው ጠቆረ። ዘነበ። ጎርፉ መጣ። ሰውዬው...» ጣታቸው ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ ደግሞ አራቁት።

«ይቺስ ምንድን ነች?» አሉ። «ማንኪያ?»

ልጅቱ ከሰሌዳው አጠገብ ሮጣ ሄደች። ከአባቷ ጎን ገብታ፣ ወረቀቱን በአንድ እጇ ይዛ አየችው።

«አካፋ ለማለት ነው አባዬ» አለች። «አንተ አይደለህም የተሳሳትከው። ቲቸር ናት መሣል የማትችለው።»

ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ቀዩን እስክሪብቶ ከጣቶቼ መሐል ወሰደች። ወደ አባቷ ተመልሳ፣ እሳቸው ወረቀቱን ግጥም አድርገው ይዘውላት፣ አካፋዬ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገችበት።